የኮሚሽንሽ ሂሳብ፦ 17,600 እንዴት እንደመጣ

ሰላም፣ እንዴት ነሽ? መልእክትሽ ደርሶኛል። 51,600 ጠብቃ 17,600 የገባላት ሰው ብትናደድ አይፈረድባትም። ወረቀቱን ከፍቼ ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ አንድ ቦታ ላይ የተሳሳትነው እኛ ነን፣ ወደሱ እመጣለሁ።

አንቺ ያሰላሽው 860,000 ሲባዛ በ6% ነው። 860,000ው ልክ ነው፣ በወሩ ኢንቮይስ ያስቆረጥሽው ይሄንኑ ያህል ነው። ግን ኮሚሽን የሚታሰበው በተሸጠው ሳይሆን ገንዘቡ በገባው ላይ ነው። የ140,000ውን ቼክ በ29 ተቀብለሽ እንዳመጣሽ አውቃለሁ፣ ፎቶውንም ልከሽልኛል፤ ባንክ ያስገባው ግን ወሩ ካለቀ በኋላ፣ በ3 ነው። ስለዚህ ወደዚህ ወር ተሻገረ እንጂ አልጠፋም። እውነቱን ልንገርሽ ግን፣ በዚህ ወር 500,000ን ካላለፍሽ በ4% ስለሚታሰብ 8,400 ይሆን የነበረው 5,600 ይሆናል። ለእኔም ፍትሐዊ አይመስለኝም፣ ውሉ ግን እንዲህ ነው የሚለው።

ቀሪው 720,000 ነው። ከዚህ ውስጥ 120,000ው ከባልደረባሽ ጋር የሸጣችሁት ነው፣ ሲስተሙ እኩል ብሎ 60,000 ቀነሰብሽ፣ 660,000 ቀረ።

ሁለተኛው ያለመግባባት 6% ላይ ነው። 500,000ን ስታልፊ ጠቅላላው ወደ 6% አይዞርም፣ ከዚያ በላይ ያለው ብቻ ነው የሚዞረው። ስለዚህ የመጀመሪያው 500,000 በ4% 20,000፣ የቀረው 160,000 በ6% 9,600፣ ድምሩ 29,600 ነው። ይሄን ብዙ ሰው ይሳሳተዋል።

ሁለተኛው ገጽ ላይ «ማስተካከያ» ተብሎ 2,000 የተቀነሰው፣ ያለፈው ጊዜ ኮሚሽን የወሰድሽበት የ50,000 ዕቃ ስለተመለሰ ነው፤ ያኔ በ4% ስለተከፈለሽ በዚያው ተቀንሷል። ምንም ማብራሪያ ሳይጻፍበት መላኩ ግን የእኛ ጥፋት ነው፣ እኔም ብሆን ቁጣዬ ከዚህ ይጀምር ነበር። ከዚያ በወሩ አጋማሽ የወሰድሽው 10,000 አድቫንስ ሲወርድ 17,600 ሆነ። ሁሉም ከግብር በፊት ነው።

አሁን ወደ ስህተታችን። የጋራ ሽያጩን ፋይል ስከፍት ሁለታችሁም የፈረማችሁበት ወረቀት 70 ለ30 ይላል፣ 70ው ያንቺ ነው። መቀነስ የነበረበት 36,000 እንጂ 60,000 አልነበረም። ልዩነቱ 24,000፣ በ6% 1,440 ነው። በእጅሽ መግባት የነበረበት እንግዲህ 19,040 ነው።

1,440ውን ዛሬ መዝግቤዋለሁ፣ ዓርብ ይገባልሻል። ለባልደረባሽም የበዛውን እኔው እነግረዋለሁ፣ አንቺ አትግቢበት። ሌላ የማይመስልሽ መስመር ካለ ቁጥሩን ብቻ ጻፊልኝ፣ ወይም ነገ ከሰዓት ብቅ በይና አብረን እንየው።