የፋሲካ እቃ ከማዕዘኑ ሱቅ

ሰላም ጎረቤቶች፣ ለፋሲካው በሰላም ያድርሰን። የሸኖ ቅቤ ገብቷል፤ ለጋ ነው፣ መጥታችሁ አሽትታችሁ ውሰዱ። ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ዘይትና የፉርኖ ዱቄትም አለ። እንቁላል ሐሙስ ማታ ይመጣል። ለዶሮው 12 የምትፈልጉ ቀድማችሁ ብታስይዙ ይሻላል፤ በገና ቶሎ አልቆ ብዙ ሰው ባዶ እጁን ተመልሷል። ለድፎው ኮባ፣ ለቤቱ ቄጤማ ቅዳሜ ጠዋት እናመጣለን። ዶሮ ግን አንሸጥም።

ዋጋ የምትጠይቁ በውስጥ ጻፉልን፣ ግሩፑን አናጨናንቀው። መውጣት ለከበዳቸው እናቶችና አባቶች ቤት ድረስ በነጻ እናደርሳለን። ቅዳሜ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ክፍት ነን። እስከ በዓሉ ሌላ መልእክት አንልክም።