የሊንክ ስሌት፦ ዲቢ እና ዲቢኤም

ተማሪ፦ ቲቸር፣ ራዲዮው ስክሪን ላይ -64 dBm ይላል፣ ፓወር ከዜሮ በታች ይሆናል እንዴ?

ቲቸር፦ አይሆንም፣ ከዜሮ በታች የወረደው ሎጉ ነው። መጀመሪያ ዲቢን እንያዝ። ዲቢ ስንት እጥፍ ጨመረ ወይ ቀነሰ የሚለውን ብቻ ነው የሚነግርሽ፣ ዋት አይደለም።

```
dB = 10 × log10(Pout / Pin)
```

10 ዲቢ 10 እጥፍ ነው፣ 3 ዲቢ ደግሞ 2 እጥፍ ገደማ። በይ 13 ዲቢስ?

ተማሪ፦ 10 እና 2... 12 እጥፍ?

ቲቸር፦ ቆይ ቆይ፣ ዲቢው ሲደመር እጥፉ ይባዛል።

ተማሪ፦ እህ፣ 20 እጥፍ! -3 ከሆነ ግማሽ ማለት ነዋ?

ቲቸር፦ በትክክል። ዲቢኤም ላይ ግን ማነጻጸሪያው ተቆርጧል፣ ሁሌም 1 ሚሊዋት ነው። ስለዚህ 0 ዲቢኤም 1 ሚሊዋት ነው፣ 20 ዲቢኤም 100 ሚሊዋት፣ -60 ደግሞ የ1 ሚሊዋት አንድ ሚሊዮንኛ። ያየሽው -64 ወደ 0.4 ናኖዋት ነው፣ እና ራዲዮው በዚያች ዳታ ያነባል፣ እኔን እስካሁን ይገርመኛል።

ተማሪ፦ እሺ 20 ዲቢኤም ሲደመር 20 ዲቢኤም፣ 40 ዲቢኤም?

ቲቸር፦ እዚህ ጋ ተጠንቀቂ! 100 ሚሊዋት እና 100 ሚሊዋት 200 ሚሊዋት ነው፣ ማለትም 23 ዲቢኤም። 40 ዲቢኤም እኮ 10 ዋት ነው። ዲቢኤም ላይ የሚደመረውም የሚቀነሰውም ዲቢ ነው።

ተማሪ፦ አንቴናው ላይ የተጻፈው ዲቢአይስ?

ቲቸር፦ እሱም እጥፍ ነው፣ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ከሚረጭ ሃሳባዊ አንቴና ጋር ሲነጻጸር። ዲሹ ፓወር አይፈጥርም፣ ያለውን ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰበስባል እንጂ። በይ ይሄንኑ ሊንክ አስቢው፦ ራዲዮው 20 ዲቢኤም ይልካል፣ በሁለቱም ጫፍ 1 ዲቢ የሚበላ ኬብልና 23 ዲቢአይ ዲሽ አለ፣ መሃል 10 ኪሎ ሜትር፣ በ5.8 ጊጋኸርዝ አየር ላይ የሚጠፋው 128 ዲቢ ገደማ ነው።

ተማሪ፦ 20 ሲቀነስ 1፣ 19። ዲሹ ሲጨመር 42። አየሩ 128 ሲወስድ -86፣ ወዲያ ያለው ዲሽ 23 ሲመልስ -63፣ ከዛ ኬብሉ... -64! ስክሪኑ ላይ ያለው ራሱ!

ቲቸር፦ ጎበዝ! በተግባር ዲሹ ትንሽ ከዞረ ወይ ዛፍ ከጋረደው ከዚህ ይወርዳል፣ ለዛ ነው ከመውጣትሽ በፊት ወረቀት ላይ የምትሠሪው፣ ማማው ላይ ሆነሽ ስንት መምጣት እንዳለበት ካላወቅሽ ዲሹን እስከምን ድረስ እንደምታስተካክዪ አታውቂም። አሁን ሪሲቨሩ የሚፈልገው ቢያንስ -80 ነው እንበል፣ ርቀቱም 20 ኪሎ ሜትር ሆነ። ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ሲግናሉ 4 እጥፍ ይቀንሳል።

ተማሪ፦ 4 እጥፍ 2 ጊዜ 2 ነው፣ ስለዚህ 6 ዲቢ። -70 ይመጣል፣ 10 ዲቢ ይተርፋል።

ቲቸር፦ ሁለቱንም ዲሽ ወደ 27 ዲቢአይ ብንቀይርስ?

ተማሪ፦ በየጫፉ 4 ይጨምራል፣ በድምሩ 8። -62፣ ትርፉ 18 ዲቢ።