የቡቴንን እኩልታ ስለ ማመጣጠን ለእህቴ ልጅ የተጻፈ መልስ

ይድረስ ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ፣ ኮምቦልቻ።

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ትናንት ማታ በቴሌግራም የላክሽልኝን ፎቶ አጉልቼ ደጋግሜ ተመልክቼዋለሁ። የስልኩ መብራት የገጹን ቀኝ ጎን ስላነጣው ከ CO ግርጌ ያለችው ትንሿ ቁጥር አትታይም፤ ሆኖም ከእኩልታው በላይ «ቡቴን በበቂ ኦክስጅን ሲቃጠል» የሚለው ጽሑፍ በደንብ ስለሚነበብ፣ የሚገኘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የጠፋችውም ቁጥር 2 እንደሆነች እርግጠኛ ነኝ። በግራ በኩል ደግሞ ከ H ቀጥሎ 1ን የምትከተለዋ ክብ ምልክት ዜሮ እንጂ የኦክስጅን ፊደል አይደለችም፤ ቡቴን ካርቦንና ሃይድሮጅን ብቻ ነው ያለው። ይህን አስቀድሜ የማነሳው በስሕተት የተነበበ እኩልታ ምንም ቢደከምበት ስለማይመጣጠን ነው። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦

```
C₄H₁₀ + O₂ → CO₂ + H₂O
```

ከሥሩ አንቺ በእርሳስ የሠራሽውም ይህ ነው፦

```
C₄H₁₀ + O₁₃ → 4CO₂ + 5H₂O
```

መጀመሪያ ልንገርሽ የምፈልገው ቆጠራሽ አንድም ስሕተት እንደሌለበት ነው። የተሳሳተው 13ን ያስቀመጥሽበት ቦታ ብቻ ነው።

ከቀመሩ ፊት የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር ስንት ሞለኪውል እንዳለ ይናገራል። ከፊደሉ ግርጌ የሚጻፈው ትንሹ ቁጥር ግን አንዱ ሞለኪውል ከስንት አቶም እንደተሠራ ስለሚናገር የነገሩ ማንነት ነው። H₂O ውኃ ነው፤ አንዲት ትንሽ 2 ጨምረሽ H₂O₂ ብትዪው ግን ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ የሚባል ሌላ ነገር ይሆናል። O₁₃ ብለሽ ስትጽፊም የምንተነፍሰውን ኦክስጅን ትተሽ፣ በዚህ ምድጃ ውስጥ የሌለ ነገር አስገባሽ ማለት ነው። ስለዚህ እኩልታ ስታመጣጥኚ ግርጌውን ፈጽሞ አትንኪ፤ እጅሽ የሚሠራው ከቀመሩ ፊት ብቻ ነው።

አሁን ከመጀመሪያው እንነሣ። ከቀስቱ በግራ 4 ካርቦን፣ 10 ሃይድሮጅንና 2 ኦክስጅን አለ፤ በቀኝ ደግሞ 1 ካርቦን፣ 2 ሃይድሮጅንና 3 ኦክስጅን አለ። ይህ ልዩነት ሊኖር አይችልም፤ ምክንያቱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1789 ፈረንሳዊው ላቮዚየር እንዳስገነዘበው፣ በኬሚካል ለውጥ ውስጥ ቁስ አይጠፋም፣ ከምንም ተነሥቶም አይፈጠርም፤ አቶሞቹ ጓደኛ ይቀያየራሉ እንጂ ቁጥራቸው ያው ነው።

ከካርቦን የጀመርሽው በትክክል ነው። ካርቦን በግራ በአንድ ቦታ፣ በቀኝም በአንድ ቦታ ብቻ ስለሚገኝ ለማስተካከል ቀላል ነው፤ ከቡቴን የወጡት 4 ካርቦኖች መግቢያቸው CO₂ ብቻ ስለሆነ 4CO₂ ይሆናል። ሃይድሮጅንም እንዲሁ ነው፤ 10 ሃይድሮጅን ለእያንዳንዱ ውኃ ሁለት ሁለት ሲከፋፈል 5H₂O ይደርሰናል። ኦክስጅንን ግን ሆን ብለን ለመጨረሻ እናቆየዋለን። በቀኝ በኩል በሁለት ቦታ ስላለ የሁለቱ መጠን ሳይታወቅ መቁጠር አይቻልም፤ በግራ ደግሞ ብቻውን ስለቆመ ቁጥሩን ብንለውጠው ካርቦኑንም ሃይድሮጅኑንም አያናጋብንም። ኦክስጅንን አስቀድመሽ ብትነኪ ኖሮ አንዱን ስታቃኚ ሌላው እየተዛባ ወረቀቱን በላጲስ ትበሺው ነበር።

በቀኝ ያለው ኦክስጅን በ4CO₂ ውስጥ 8፣ በ5H₂O ውስጥ 5፣ በድምሩ 13 ነው። እርሳስሽ የቆመው እዚህ ላይ ስለሆነ እኔም ቆም ልበል። ኦክስጅን በአየር ውስጥ የሚገኘው እንደ ጥማድ በሬ ሁለት ሁለት ሆኖ ነው። 13 በሬ 6 ጥማድ ሆኖ አንድ በሬ ይተርፋል። በእኛ አገር አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ምን እንደሚያደርግ ከአያትሽ ሰምተሻል፤ እንደ እርሱ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር ይቀናጃል። እኛም የምናደርገው መቀናጆውን ነው። አንድ የቡቴን ሞለኪውል ሲቃጠል አንድ ነጠላ ኦክስጅን ቢተርፍ፣ ሁለት የቡቴን ሞለኪውል ሲቃጠል ሁለቱ ትርፎች ተቀናጅተው አንድ ጥማድ ይሆናሉ። 13 እና 13 ተደምሮ 26፣ ማለትም 13 ጥማድ፣ ማለትም 13O₂ ነው። ያቺ 13 ከግርጌ ተነሥታ ወደ ፊት መጣች ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎች ኦክስጅኑን ብቻ እጥፍ አድርገው ይሄዳሉ። ቡቴኑ ሁለት ከሆነ ከእርሱ የሚወጣው ሁሉ እጥፍ መሆን አለበት፤ 4CO₂ ወደ 8CO₂፣ 5H₂Oም ወደ 10H₂O ይለወጣል፦

```
2C₄H₁₀ + 13O₂ → 8CO₂ + 10H₂O
```

ቆጥረሽ አረጋግጪ። ካርቦን በግራ 2 ጊዜ 4፣ በቀኝ 8 ነው። ሃይድሮጅን በሁለቱም ወገን 20 ነው። ኦክስጅን በግራ 26፣ በቀኝ 16 እና 10፣ ያው 26 ነው። ከዚህ የበለጠ ማረጋገጫ ብትፈልጊ በክብደት መዝኚው፤ ካርቦንን 12፣ ሃይድሮጅንን 1፣ ኦክስጅንን 16 ብለሽ ብታሰይ በግራ 116 እና 416፣ በቀኝ 352 እና 180 ታገኛለሽ። ሁለቱም ድምር 532 ነው።

ይህ እኩልታ ከእናትሽ ማእድ ቤትም አለ፤ በሲሊንደር ከሚሸጠው የማብሰያ ጋዝ ውስጥ አንዱ ቡቴን ነውና። ነገ ጠዋት ቀዝቃዛ ውኃ የያዘ ድስት ቡታጋዙ ላይ ስትጥጂ የድስቱን ውጫዊ ሥር ጎንበስ ብለሽ ተመልከቺ፤ እስኪሞቅ ድረስ ለጥቂት ጊዜ ስስ ላብ ይታይበታል። ያ ከድስቱ ያፈሰሰ ውኃ አይደለም፤ ከነበልባሉ ውስጥ የተወለደውና በቀዝቃዛው ብረት ላይ ያረፈው 10H₂O ነው።

በፎቶው ላይ የጠፋችውን ቁጥር ያጠበቅሁበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ኦክስጅን ሲያንስ ከ CO₂ ይልቅ CO፣ ማለትም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈጠራል፤ ለ2 ቡቴን 13 ጥማድ ኦክስጅን ቀርቶ 9 ብቻ ቢደርስ ካርቦኑ ሁሉ CO ሊሆን ይችላል፦

```
2C₄H₁₀ + 9O₂ → 8CO + 10H₂O
```

ይህም እኩልታ ተመጣጥኗል፤ ቆጥሪው። CO ግን ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ነው። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት ሰው የሚገድለውም በዚሁ ጋዝ ስለሆነ፣ በዝናብም ሆነ በብርድ ጊዜ ስታበስዪ መስኮቱን ክፈቺ።

ከፎቶው ግርጌ የተቆረጠው ቀጣዩ ጥያቄ የኢቴን፣ የ C₂H₆ ቃጠሎ ይመስለኛል። በዚያም ኦክስጅኑ ጎዶሎ ሆኖ ይመጣብሻልና መቀናጆውን አስታውሺ። ሠርተሽ ስትጨርሺ ደብተሩን በመስኮት ብርሃን፣ የስልኩን መብራት አጥፍተሽ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፤ የሰረዝሽውንም በላጲስ አታጥፊው፣ እርሱንም ማየት እፈልጋለሁ።

አክስትሽ፣ ከደሴ