የቢሮ ዝውውር፦ ከ43ቱ ኢሜይሎች የተወሰነው፣ ያልተመለሰውና ቀን የተቆረጠለት

ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሁላችሁም፣ ጤና ይስጥልኝ።

ዓርብ ዕለት ሥራ አስኪያጃችን «እስካሁን የተወሰነው ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ ቶሎ መመለስ አልቻልኩም። ስለዚህ ከመስከረም 8 ጀምሮ የተጻጻፍነውን ሁሉ ከታች ወደ ላይ አነበብኩት። 43 ኢሜይል ነው። ከነዚህ ውስጥ 11ዱ ፎርዋርድ የተደረጉ ናቸው።

ግራ የተጋባነው መስከረም 23 ላይ ነው። ያን ቀን አንድ መልስ ለቆየ ኢሜይል ተላከና ሰንሰለቱ ለሁለት ተከፈለ። ግማሻችን በአንዱ፣ ግማሻችን በሌላው ስንጻጻፍ ከረምን። የሕንፃው ፕላን የተያያዘው በአንደኛው ላይ ብቻ ነበር። ፎርዋርድ ሲደረግ አታችመንቱ አብሮ አልሄደም። «ፕላኑ የታለ?» ብላችሁ የጠየቃችሁ አራት ሰዎች ትክክል ነበራችሁ። ዛሬ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ።

ከዚህ በኋላ የቆዩትን ሁለቱን ሰንሰለቶች እንተዋቸው። መልሳችሁን በዚህኛው ላይ ብቻ ስጡ።

የተወሰነው

አንድ ነገር ላስቀድም። «እሺ» የሚል መልስ 9 ጊዜ አግኝቻለሁ። «እሺ» ግን «ተስማምቻለሁ» ማለትም ይሆናል፣ «አይቼዋለሁ» ማለትም ይሆናል። ስለዚህ ውሳኔ ብዬ የያዝኩት የመወሰን ሥልጣን ያለው ሰው በግልጽ የጻፈውን ብቻ ነው። «እኛ እኮ ተስማምተን ነበር» የምትሉት ነገር እዚህ ከሌለ ንገሩኝ፤ አብረን ኢሜይሉን እናየዋለን።

ልደታ ወዳለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ እንገባለን። ሥራ አስኪያጃችን መስከረም 27 ላይ አጽድቀውታል። የሜክሲኮው አማራጭ ቀርቷል። ከአያት በኩል የምትመጡት በቀላል ባቡር ሳትቀይሩ ልደታ መውረድ መቻላችሁ ለምርጫው አንዱ ምክንያት እንደነበር በኢሜይሉ ላይ ተጽፏል።

ዕቃው የሚጫነው ቅዳሜ ጥቅምት 29 ነው። ሁለት አይሱዙ ተይዟል። ካዛንቺስ ያለው ቢሮ ደግሞ እስከ እሁድ ጥቅምት 30 ድረስ የእኛ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ድንጋጤ ስለነበረ በደንብ ላብራራው። አከራያችን የጻፉት «ጥቅምት 30» ብለው ነው። ከዚያ ደብዳቤው ፎርዋርድ ሲደረግ አንዱ ማጠቃለያ ላይ «ኦክቶበር 30» ተባለ። ኦክቶበር 30 ግን ጥቅምት 20 ነው። «አሥር ቀን ተቀነሰብን» የተባለው ከዚህ የመጣ ነው። ምንም የተቀነሰ ቀን የለም። የደብዳቤውን ዋና ቅጂ አውጥቼ አይቻለሁ፣ ማኅተሙም ፊርማውም አለበት። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ጉዳይ ላይ ቀን ስንጽፍ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ እንጻፍ።

ሰዓቱም እንደዚያው ነው። «1:00» የተባለው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። የጋራ ካላንደራችን ላይ ግን ከሰዓት በኋላ ተብሎ ተመዝግቦ ነበር፤ ያ ማለት ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው። ሳይታወቅ ቢቀር ኖሮ መኪናው ስድስት ሰዓት ሙሉ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። አስተካክዬዋለሁ።

የቆዩት የሒሳብ ሰነዶች አይጣሉም፣ ሁሉም ይሄዳሉ። የተሰበሩት ወንበሮች ግን አይሄዱም። የኢንተርኔት መስመሩን ለማዛወር አይቲ ክፍል ለኢትዮ ቴሌኮም ማመልከቻ ያስገባል።

ገና ያልተመለሰው

ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ የኪራዩ ነገር ነው። ደላላው በወር 180,000 ብር ብሎ ጻፈልን። ሁላችንም ይህንን ቁጥር ይዘን ቀጠልን። ነገር ግን ቫትን ይጨምር አይጨምር ከ43ቱ ኢሜይሎች በአንዱም ላይ አልተጻፈም። 15 በመቶው ከተጨመረበት ወሩ 207,000 ብር ይሆናል። የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ስለተጠየቅን ከ1,080,000 ወደ 1,242,000 ብር ከፍ ይላል። ሒሳብ ክፍል የያዘው በጀት 1,100,000 ነው። ቫት ካለበት 142,000 ብር ይጎድለናል ማለት ነው። ይህ ሳይታወቅ ውሉን መፈረም የለብንም ብዬ አምናለሁ። የግዢ ኃላፊያችን ከደላላው ሳይሆን ከራሳቸው ከአከራዩ በጽሑፍ መልስ ያምጡልን።

ጀነሬተሩ ሊፍቱን ያነሳል ወይስ መብራቱን ብቻ? መስከረም 30 ላይ ተጠይቆ «እናጣራለን» ተባለ፤ ከዚያ ወዲህ ዝም ነው። ደረጃ መውጣት የሚከብዳት ባልደረባ አለችን። ለእሷ አራተኛ ፎቅ ያለ ሊፍት ቀላል ነገር አይደለም። ሌላውን ሁሉ ትቼ ይህንን ራሴ ነገ ሄጄ አያለሁ።

የመኪና ማቆሚያው ስንት እንደሆነ ሁለት መልስ አለ። በአንዱ ሰንሰለት ሦስት፣ በሌላው ሁለት ይላል። በውሉ ላይ ቁጥሩ ይግባ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ጭራሽ ተረስቷል። መስከረም 21 ላይ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊያችን በረጅም ኢሜይል መጨረሻ ላይ «ዘበኛችን አብረውን ይሄዳሉ ወይ?» ብላ ጠይቃለች። ከዚያ በኋላ ኢሜይሉ 6 ጊዜ ፎርዋርድ ተደርጓል። አንዳችንም አልመለስንላትም። እኔም አንብቤው ማለፌን ሳየው በጣም አዘንኩ። አባባ 14 ዓመት በራችንን የጠበቁ ሰው ናቸው። አዲሱ ሕንፃ የራሱ ጥበቃ አለው። ስለዚህ ወይ ሌላ ሥራ ይዘው አብረውን ይመጣሉ፣ ወይ በሕጉ መሠረት የሚገባቸው ተከፍሏቸው በክብር እንሸኛቸዋለን፣ ወይ ሌላ መላ እንፈልጋለን። የእኔን ሐሳብ ብትጠይቁኝ፣ ተላላኪያችን ከለቀቀ ወዲህ ፖስታና ደብዳቤ የሚያደርስ ሰው የለንም፤ አካባቢውንም ቢሮዎቹንም ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ውሳኔው የሥራ አስኪያጃችን ነው። ግን ዕቃው ሲጫን አይተው መስማት የለባቸውም።

ቀን የተቆረጠለት

ረቡዕ ጥቅምት 12፦ የቫቱና የመኪና ማቆሚያው መልስ ከአከራዩ በጽሑፍ። ግዢ ክፍል።

ዓርብ ጥቅምት 14፦ የአባባ ጉዳይ። ሥራ አስኪያጃችን፣ እባክዎ እስከዚህ ቀን ይወስኑልን። በዚሁ ቀን የኢንተርኔት ማመልከቻው ገብቶ ማለቅ አለበት። ይህኛው ቀን በኢሜይሉ ላይ የለም፣ እኔ ያስቀመጥኩት ነው። መስመሩ ከዘገየ ሰኞ ኅዳር 1 ያለ ኢንተርኔት ሥራ መጀመራችን ነው።

ሰኞ ጥቅምት 17፦ ውልና ማስረጃ ሄደን ውሉን እንፈራረማለን። የቫቱ መልስ ካልመጣ ግን ቀኑ ይገፋል።

ሐሙስ ጥቅምት 27፦ እያንዳንዱ ሰው ጠረጴዛውን አሽጎ፣ ካርቶኑ ላይ ስሙንና የክፍሉን ስም ጽፎ ይጨርሳል።

ቅዳሜ ጥቅምት 29፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፦ ጭነት። ቁርስ እዚያው ይዘጋጃል።

ኅዳር 29፦ የአድራሻ ለውጡን ለግብር መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ የምናሳውቅበት የመጨረሻ ቀን። የግብር አስተዳደር አዋጁ 30 ቀን ይሰጣል፤ እኔ ከተዛወርንበት ቀን ቆጥሬዋለሁ። ከቂርቆስ ወደ ልደታ ክፍለ ከተማ ስለምንሄድ የምንገለገልበት ቅርንጫፍ መለወጥ አለመለወጡን ሒሳብ ክፍል አስቀድሞ ይጠይቅ።

ስህተት ያያችሁ እስከ ነገ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ድረስ ጻፉልኝ። የትኛው ኢሜይል ላይ እንዳያችሁት ቀኑን ጨምሩልኝ፣ ቶሎ እንዳገኘው።

ከአክብሮት ጋር፣
የአስተዳደር ክፍል