የቀረጻ ቀን 3 ከ5፦ ዘጌ፣ ሐሙስ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ከምክትል ዳይሬክተሩ ለሁላችሁም። ይህ የነገው ቀረጻ ዕቅድ ነው። ሰዓቱ በሙሉ በሀገራችን አቆጣጠር ነው። ፀሐይ 12፡30 ገደማ ትወጣለች፣ ማታ 12፡00 ገደማ ትጠልቃለች።

ሰዓት

ሌሊት 10፡30፦ ሾፌሮችና ፕሮዳክሽን፣ ባሕር ዳር ያረፍንበት ሆቴል በር ላይ
11፡00፦ ካሜራ፣ ሳውንድ፣ መብራት። ጭነት
11፡15፦ ተዋንያን፣ ሜካፕ፣ ኮስትዩም። ሻይና ዳቦ አለ
11፡45፦ ጉዞ በመኪና። የሚጠበቅ ሰው የለም
ጠዋት 1፡00፦ ዘጌ። ሜካፕ ወዲያው ይጀመር
1፡45፦ ትዕይንት 7፣ ልጅቷ ቡና ጭና በታንኳ ስትሻገር
5፡00፦ ሁሉም ሰው ከሐይቁ ይወጣል
6፡00፦ ምሳ
7፡00፦ ትዕይንት 12፣ ቡና ለቀማ
8፡45፦ ትዕይንት 14፣ እናትና ልጅ ደጃፍ ላይ
10፡00፦ መጠቅለል። 10፡30 ጉዞ

ታንኳውን ጠዋት ያስቀደምነው በነፋሱ ምክንያት ነው። ጣና ከሰዓት በኋላ ይናወጣል። 5፡00 ላይ ሾት ቢቀረንም እንወጣለን፤ የቀረውን ዓርብ ጠዋት እንጨርሳለን። እባካችሁ "አንድ ብቻ" አትበሉኝ።

ደኅንነት

ተዋናይቷ ዋና አትችልም። ላይፍ ጃኬቷን ከቀሚሷ ሥር ትለብሳለች፤ ኮስትዩም ቀሚሱን ዛሬ ማታ አስፍቶ ይጠብቅ። ጋቢው ውኃ ሲጠጣ ስለሚከብድ ታንኳ ላይ ነጠላ ብቻ። የሚቀዝፉት ባለታንኳው ጋሼ ናቸው። እሳቸው "በቃ" ካሉ በቃ ነው፣ ዳይሬክተሩም ቢሆን አይከራከራቸውም። የካሜራ ጀልባው ከታንኳው አይርቅም። ጀልባው ላይ ከአምስት ሰው በላይ አይወጣም፣ ሁሉም ጃኬት ይለብሳል።

ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ። ያለ ቦት ጫማ ውኃው ውስጥ አትቁሙ፣ ፊታችሁን አትታጠቡበት። ከጫካው ደግሞ ጉንዳን አለ፤ ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ። የቡናውን ቅርንጫፍ አንሰብርም፤ የሰው ዓመት ሙሉ ልፋት ነው። ወደ ገዳማቱ ካሜራ ይዞ መግባት አልተፈቀደልንም። ድሮን የለም።

ሾፌሮች ከምሳ በኋላ የግድ ይተኙ። መንገዱን በብርሃን መጨረስ አለብን።

ምግብ

ጾመ ነቢያት ገብቷል፤ ምሳው በሙሉ የጾም ነው፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን። እስከ 9፡00 የምትጾሙ ዛሬ ለፕሮዳክሽን ንገሩ፣ ድርሻችሁ ይቀመጣል። ውኃ ለአንድ ሰው 3 ሊትር።

ግንኙነት

ሬዲዮ፦ ቻናል 1 ፕሮዳክሽን፣ ቻናል 2 ካሜራና ሳውንድ፣ ቻናል 3 ጀልባ። ቻናል 3 ላይ ወሬ የለም። የሁላችንም ስልክ በቴሌግራም ግሩፑ ላይ ፒን ተደርጓል፤ ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል ዛሬ ወረቀት ላይ ጻፉት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991። የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑ ነጩ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ነው። ያ ሚኒባስ ቀኑን ሙሉ ለሌላ ሥራ አይላክም፤ የተጎዳ ሰው ካለ በቀጥታ ባሕር ዳር፣ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ይወስዳል።

ሕመም የተሰማው ዛሬ ማታ ይደውልልኝ። እስከ 4፡00 አልተኛም።