ዓርብ ጠዋት ድረ ገጽዎ ለምን እንደተዘጋ

አሰላሙ አለይኩም ሐጂ፣

ትናንት ሲደውሉልኝ ሥራው እጄ ላይ ስለነበር በሁለት ቃል ነው የመለስኩልዎ። አሁን ጨርሼ አረጋግጫለሁ። የሆነውን ሳላሳጥር ልንገርዎ።

የቡና ማዘዣ ድረ ገጽዎ ለዓርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 9:40 እስከ ጠዋቱ 4:15 ተዘግቶ ቆይቷል፤ 6 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ማለት ነው። አሁን ይሠራል። ሰብሮ የገባ ሌባ የለም። ቀደም ብለው የገቡ ትዕዛዞች አንድም አልጎደሉም፤ አንድ በአንድ ቆጥሬያቸዋለሁ። በገጹ ላይ ክፍያ ስለማይፈጸም የማንም ገንዘብ አልተነካም። ጥፋቱ የእኛ ነው።

ምን ሆነ? ድረ ገጽዎ የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር እንደ መጋዘን ይውሰዱት። ሙሉው ቦታ 40 ጊጋባይት ነው። እኛ ደግሞ በየሌሊቱ የድረ ገጹን ሙሉ ቅጂ እናወጣለን፤ አንድ ነገር ቢበላሽ የምንመልሰው ከዚያ ነው። አንዱ ቅጂ ወደ 600 ሜጋባይት ይሆናል። አሮጌዎቹ ቅጂዎች በራሳቸው መጥፋት ነበረባቸው። ከ51 ቀን በፊት ወደ አዲሱ ኮምፒውተር ስንዛወር ግን ቅጂዎቹ የሚቀመጡበትን ቦታ ስም ቀየርን፤ ለማጥፊያው ትእዛዝ አዲሱን ስም አልነገርነውም። እሱ ባዶውን አሮጌ ክፍል በየሌሊቱ ሲጠርግ ከረመ። አዲሱ ክፍል ውስጥ ጆንያ በጆንያ ላይ ተከመረ፤ 51 ደረሰ። በዚያች ሌሊት ለአንዲት ወረቀት እንኳ ቦታ አልቀረም። ትዕዛዝና ዋጋ የሚመዘገብበት ክፍል የሚጽፍበት ሲያጣ ቆመ። ደንበኞችዎም ቡናውን በማየት ፈንታ ነጭ ገጽ ላይ ይህችን ብቻ አዩ፦

```
Error establishing a database connection
```

«መዝገቡን ማግኘት አልቻልኩም» እንደማለት ነው።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልናገር። ችግሩን የነገረን ልጅዎ ነው፤ ጠዋት 2:10 ላይ ደወለ። ከዚራ ሻይ ይዤ ተቀምጬ ነበር፤ ሻዩ እዚያው ቀረ። መቆጣጠሪያችን ዝም ያለው የሚጠይቀው «ኮምፒውተሩ በርቷል?» ብሎ ብቻ ስለነበር ነው። በርቷልና «ደህና ነው» አለን። የመደብሩ መብራት በርቶ አይቶ «ክፍት ነው» እንደሚል ዘበኛ።

ከዚያም መጀመሪያ የተበላሸው መዝገቡ ራሱ መስሎኝ ግማሽ ሰዓት ያህል በከንቱ አጠፋሁ። ምክንያቱ ሲገባኝ ደግሞ ወዲያው ማጥፋት አልደፈርኩም። በመጀመሪያ ጤነኛ የሆነውን የመጨረሻ ቅጂ ወደ ሌላ ቦታ አሻገርኩ፤ ይህ ብቻውን 40 ደቂቃ ወሰደ። ቢዘገይም ይህንን ድጋሚም አደርገዋለሁ፤ ከዚያ ውጪ ያለው መንገድ ቁማር ነው። ቀጥሎ 44 አሮጌ ቅጂዎች አጠፋሁና መዝገቡን አስነሳሁ። አሁን ከቦታው የተያዘው 34 በመቶ ብቻ ነው።

በመሀል የመጣ ደንበኛ ካለ ማዘዝ አልቻለም። ስንት እንደመጡ ልነግርዎ አልችልም፤ የጎብኚዎች መዝገብም የሚጻፈው በዚያው በሞላው ቦታ ላይ ነበርና አልተመዘገበም። «ሞክሬ እምቢ አለኝ» የሚል የጂቡቲም ሆነ የአዲስ አበባ ደንበኛ ካለ እባክዎ ድጋሚ እንዲያዝዝ ይንገሩልኝ።

እንዳይደገም ያደረግነው ይህ ነው። ማጥፊያው ትክክለኛውን ቦታ ይዟል፤ 7 ቅጂ ብቻ ያስቀራል። ዛሬ ሌሊት ሲሠራ ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ። ቦታው 75 በመቶ ሲሞላ በስልኬ መልእክት ይመጣል፤ ቀንም ሌሊትም። መቆጣጠሪያው ደግሞ በየ5 ደቂቃው የቡናውን ዋጋ የያዘውን ገጽ ራሱን ከፍቶ ያያል፤ ካልተከፈተለት ይደውልልኛል። አንድ ነገር ቀርቷል፦ ቅጂዎቹ በየሌሊቱ ከዚህ ኮምፒውተር ውጪ በሌላ ቦታም እንዲቀመጡ ማድረግ። እስከ ረቡዕ እጨርሰዋለሁ። ዕቃውንም መጠባበቂያውንም አንድ መጋዘን ውስጥ መቆለፍ ድሮም ልክ አልነበረም።

ከእርስዎ የሚጠበቅ ሥራ የለም። ገጹ እንዲህ ሆኖ ካዩ ብቻ ቴሌግራም ላይ አይጻፉልኝ፤ በየትኛውም ሰዓት ይደውሉ። የዚህን ወር የጥገና ክፍያ ግማሹን አንቀበልም፤ ደረሰኙ ላይ ተቀንሶ ያገኙታል።

ሰኞ ከዙህር በኋላ መጋላ መደብርዎ እመጣለሁ። አዲሱን የማንቂያ መልእክት ለልጅዎ ስልክም ላስገባለት፤ ከእኛ ቀድሞ ያየ እሱ ነው።

አክባሪዎ፣
የድረ ገጽዎ ጥገና ኃላፊ
ድሬዳዋ፣ ቅዳሜ