የሎጂክ ኮርስ የጥናት ፕሮግራም፦ ከኅዳር 1 እስከ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድሜ፣ በቴሌግራም የላክኸውን ኮርስ አውትላይን ከካላንደር ጋር አመሳክሬ ይቺን ሠርቼልሃለሁ። ለሎጂክ ብቻ ነው፤ የሳይኮሎጂና የማትሱን ስትልክልኝ እጨምርበታለሁ።

ማርኩ እንዲህ ነው፦ ኩዊዝ 10፣ ሚድ 20፣ የግሩፕ አሳይንመንት 20፣ ፋይናል 50። ግማሹ ከፋይናል በፊት ያልቃል፤ «ፋይናል ላይ አካክሰዋለሁ» የሚሉህን አትስማ። ሃንድአውቱ 6 ምዕራፍ፣ 144 ገጽ ነው። አስፈሪ አይደለም፤ ግን ምዕራፍ 5 ብቻውን 36 ገጽ ይዟል።

የዘወትሩ ሳምንት፦
እሑድና ረቡዕ ማታ፣ ከ1:30 እስከ 3:00፦ የነገውን ሌክቸር ገጾች ማንበብ። ሌክቸሩ ሰኞና ሐሙስ ስለሆነ ነው።
ማክሰኞ፣ ከ11:00 እስከ 12:30፣ ላይብረሪ፦ የሰኞውን ኖት በራስህ አባባል መጻፍ።
ቅዳሜ ጠዋት፣ ከ3:00 እስከ 5:00፦ መልመጃ ብቻ።
ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ ነው። በሳምንቱ ያመለጠህ ካለ እዚያ ይገባል። ካላመለጠህ ኳስህን እይ። ዓርብ ሎጂክ የለም።

ሳምንት 1 (ኅዳር 1–7)፦ ምዕራፍ 1፣ 20 ገጽ። የፍልስፍና መግቢያ ነው። አንብበህ እለፈው፤ ፈላስፎቹን አትሸምድድ።

ሳምንት 2 እና 3 (ኅዳር 8–21)፦ ምዕራፍ 2፣ 26 ገጽ። በየሳምንቱ 13። ኮርሱ የሚቆመው እዚህ ላይ ስለሆነ አትቸኩል። ሰው ሁሉ የሚደናበረው ቫሊድና ሳውንድ ላይ ነው። ይቺን ያዝ፦ «ወንዞች ሁሉ ባሕር ይገባሉ። አዋሽ ወንዝ ነው። ስለዚህ አዋሽ ባሕር ይገባል።» ቫሊድ ነው፤ ሁለቱን ከተቀበልክ ሦስተኛውን መካድ አትችልም። ግን አዋሽ አቤ ሐይቅ ላይ ነው የሚያልቀው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውሸት ስለሆነ ሳውንድ አይደለም። ቅዳሜ ኅዳር 13 እንዲህ ዓይነት አሥር ራስህ ፍጠር። ኩዊዙ ሐሙስ ኅዳር 18 ነው፣ ምዕራፍ 1 እና 2።

ሳምንት 4 (ኅዳር 22–28)፦ ምዕራፍ 3፣ 20 ገጽ። የቋንቋና የትርጉም ጉዳይ ነው፣ ቀለል ይላል።

ሳምንት 5 (ኅዳር 29–ታኅሣሥ 5)፦ አዲስ ንባብ የለም። ሰኞ ምዕራፍ 1፣ ማክሰኞና ረቡዕ ምዕራፍ 2፣ ሐሙስ ምዕራፍ 3። በዚህ ሳምንት ዓርብም ይሠራል፦ የኩዊዙን ስህተቶች እያቸው። ሚድ ቅዳሜ ታኅሣሥ 4 ጠዋት ነው። እሑድ ተኛ።

ሳምንት 6 (ታኅሣሥ 6–12)፦ ምዕራፍ 4፣ 18 ገጽ። የግሩፕ አሳይንመንቱ ከዚህ ይጀምራል። ማክሰኞ አምስታችሁም ተቀመጡና ሥራውን ተከፋፈሉ።

ሳምንት 7 እና 8 (ታኅሣሥ 13–26)፦ ምዕራፍ 5፣ ፋላሲዎች፣ ማለትም የክርክር ስህተቶች። በሳምንት 18 ገጽ። በአንድ ሌሊት ከቸከልከው ስሞቹ ሁሉ ይደበላለቁብሃል። በቀን ሦስት ያዝ፣ ለእያንዳንዱ ከሰማኸው ክርክር አንድ ምሳሌ ጻፍ። ለአድ ሆሚነም፣ ሐሳቡን ትቶ ሰውየውን ለሚያጠቃው ፋላሲ፣ ሩቅ አትሂድ፤ የዶርምህ የኳስ ክርክር ይበቃል። ምሳሌዎቹ ለአሳይንመንቱም ይሆናሉ፣ ምክንያቱም የተጠየቃችሁት ከማስታወቂያና ከፌስቡክ አምስት ፋላሲ አውጥታችሁ እንድትተነትኑ ነው።

እዚህ ጋ አውትላይኑ ወጥመድ አለው። አሳይንመንቱ የሚገባው ሐሙስ ታኅሣሥ 30 ነው። ገና ደግሞ ረቡዕ 29! ግማሹ ግሩፕ ቤተሰብ ጋ ይሄዳል፣ የቀረው ዶሮ ያለበትን ቤት ያፈላልጋል። መጨረሻ ላይ አንተ ብቻህን ስትታይፕ ታድራለህ። ስለዚህ የናንተ ቀን ሐሙስ ታኅሣሥ 23 ይሁን። ፕሪንት ዓርብ 24። አሁኑኑ ግሩፑ ላይ ጻፍላቸው፤ ኋላ «አልሰማንም» ይላሉ።

ሳምንት 9 (ታኅሣሥ 27–ጥር 3)፦ ገና። ሐሙስ አሳይንመንቱን ማስረከብ። ቅዳሜ ጥር 2 የምዕራፍ 6ን የመጀመሪያ 8 ገጾች ጀምር።

ሳምንት 10 (ጥር 4–10)፦ የቀረው 16 ገጽ። ኤ፣ ኢ፣ አይና ኦ የሚባሉት አራቱ አረፍተ ነገሮችና የቬን ዲያግራም። ይሄ በማንበብ አይገባም፤ እስክሪብቶ ይዘህ ክቦቹን ሣል። እሑድ ከተራ ስለሆነ የማታ ንባብ የለም።

ሳምንት 11 (ጥር 11–17)፦ ሰኞ ጥምቀት፣ ደብተር አትንካ። ማክሰኞ ምዕራፍ 1 እና 2፣ ረቡዕ 3 እና 4፣ ሐሙስና ዓርብ 5፣ ቅዳሜ 6። እሑድ ሚድ ላይ የተሳሳትካቸውን ብቻ። ፋይናል ሰኞ ጥር 18፣ ጠዋት 3:00። መታወቂያህን ማታውኑ ቦርሳህ ውስጥ ክተት።